በማኅተሙ ላይ ያለው ዓመት የሰዓቱ ዕድሜ አይደለም

በአሮጌ ዕቃ ነጋዴ መደርደሪያ ላይ አንድ የፈረንሳይ የጠረጴዛ ሰዓት ተቀምጧል እንበል። ሣጥኑ በወርቅ የተለበጠ ነሐስ ነው፤ ዳር ዳሩ በቅጠልና በሐረግ ቅርጽ ተጥለቅልቋል። ፊቱ ላይ አሥራ ሁለት ትንንሽ ነጭ ሰሌዳዎች በክብ ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ የሮማ ቁጥር በሰማያዊ ተጽፏል። ነጋዴው «የሉዊ 15ኛ ዘመን ነው፤ 1750 ገደማ» ይላል። ሰዓቱ ሲገለበጥ ደግሞ ከኋላ ባለው የማሽኑ ሳህን ላይ ክብ ማኅተም ይታያል፤ በውስጡ የአንድ ፋብሪካ ስም፣ «የብር መዳሊያ» የሚል ቃልና 1834 የሚል ዓመት አለ። ገዢው ግራ ይጋባል። ፊቱ ስለ 1750 ይናገራል፣ ማኅተሙ ስለ 1834 ይናገራል። እኔ ደግሞ ይህን የመሰለ ሰዓት ሳይ ሁለቱም እንዳልሆነ አስቀድሜ እጠረጥራለሁ። ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ ላሳያችሁ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ዓይነቱን ሰዓት ፈረንሳዮች «ፔንዱል ደ ፓሪ»፣ የፓሪስ ሰዓት ይሉታል። በ19ኛው ምዕት ዓመት በብዛት ተሠርቶ ለዓለም ስለተሸጠ ዛሬም በአውሮፓና በአሜሪካ የአሮጌ ዕቃ ገበያዎች በቀላሉ ይገኛል። ስሙ የፓሪስ ይሁን እንጂ ማሽኑ በአብዛኛው ፓሪስ ውስጥ አልተሠራም። ጥርሶቹና ሳህኖቹ የሚመረቱት በሁለት አካባቢዎች ነበር። አንዱ በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በስዊዘርላንድ ጠረፍ አቅራቢያ ያለው የሞንቤልያር አካባቢ ነው፤ ፍሬዴሪክ ዣፒ በ1777 ቦኩር ላይ የተከለው ፋብሪካም ከዚያ አይርቅም። ሁለተኛው በኖርማንዲ፣ በዲዬፕ ወደብ አጠገብ ያለችው ሴን ኒኮላ ዳልየርሞን ናት። ከእነዚህ ቦታዎች በከፊል ያለቀ ማሽን ወደ ፓሪስ ይላካል፤ እዚያ ባለሙያ ያጠናቅቀዋል፣ ነሐስ ሠሪው ሣጥን ያለብሰዋል፣ ባለ ሱቁ ስሙን ፊቱ ላይ ያስጽፋል።

ስለዚህ በፊቱ ላይ የተጻፈው ስም ብዙ ጊዜ የሸጠው ሰው ነው፤ የሠራው አይደለም። በጣም የታወቀ የጌጣጌጥ መደብር ስም ያለበት ሰዓት ውስጡ ሲታይ ከጎረቤቱ ርካሽ ሰዓት ጋር አንድ ዓይነት ማሽን ይዞ ሊገኝ ይችላል። የሱቁ ስም ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ሱቁ በአንድ አድራሻ ላይ የሠራበት ዘመን በንግድ መዝገብ ከተገኘና አድራሻው ፊቱ ላይ ካለ፣ ጥሩ ፍንጭ ነው። ሠሪውን ለማወቅ ግን ኋላውን ማየት ግድ ነው።

አስቀድመን ከፊቱ እንጀምር፤ ነጋዴው የተመረኮዘው በእሱ ነውና። ነጩ ነገር ኢናሜል ነው፤ በመዳብ ሰሌዳ ላይ የመስታወት ዱቄት ነስንሶ በእቶን በማቅለጥ ይሠራል። በ18ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ትልቅ ክብ ሰሌዳ ሳይሰነጠቅና ሳይጣመም ከእቶን ማውጣት እጅግ ከባድ ነበር። መፍትሔው ትንንሽ ሰሌዳዎችን ለየብቻ አቅልጦ በነሐስ ላይ መደርደር ሆነ፦ አሥራ ሁለት ለሰዓቶቹ፣ አንድ ለመሐሉ። በዚያው ምዕት ዓመት አጋማሽ ሙያው ሲሻሻል አንድ ወጥ የሆነ ትልቅ ነጭ ፊት መሥራት ተቻለ፤ የተከፋፈለው ፊት አስፈላጊነቱ ቀረ። እስከዚህ ድረስ ነጋዴው ትክክል ነው፤ እንዲህ ያለ ፊት በሉዊ 15ኛ ዘመን ነበረ።

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከ1830ዎቹ ጀምሮ፣ በተለይም ናፖሊዮን 3ኛ በነገሠበት ከ1852 እስከ 1870 ባለው ጊዜ፣ ፈረንሳዮች የአያቶቻቸውን ቤት ዕቃ መልክ እንደገና ወደዱት። ሐረጉም፣ ወርቁም፣ የተከፋፈለው ፊትም ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ሰሌዳዎቹ የተለያዩት እቶኑ ስላስገደደ አይደለም፤ ደንበኛው የድሮ መልክ ስለፈለገ ነው። ስለዚህ የፊቱ ስልት ስለ ዕድሜ የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰዓቱ ይህ መልክ ከመፈጠሩ በፊት ሊሠራ አይችልም። ስልቱ ስንት ጊዜ ተመልሶ እንደመጣ ፊቱ ራሱ አይናገርም። ጠቋሚዎቹ ደግሞ ከሁሉ ያነሰ እምነት ይጣልባቸዋል፤ በቀላሉ ይሰበራሉ፣ በቀላሉም ይቀየራሉ።

አሁን ኋላውን እንክፈት። መጀመሪያ ፔንዱለሙ ከተንጠለጠለበት ይነሣል፤ ደወሉም ከመንገድ ይወጣል። የኋላው ክብ ክፈፍ ሁለት ረጃጅም ብሎኖች አሉት፤ እነዚህ በሣጥኑ ውስጥ አልፈው የፊቱን ክፈፍ፣ ሰሌዳውንና ማሽኑን አንድ ላይ አጥብቀው የሚይዙ ናቸው። በአንድ እጅ ፊቱን ደግፎ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ሲፈቱ ማሽኑ ከነሰሌዳው ወደ ፊት ይወጣል። እዚህ ድረስ ጥንቃቄ ያለው ማንም ሰው ሊሠራው ይችላል። ሁለቱን የማሽኑን ሳህኖች ማላቀቅ ግን ሌላ ነገር ነው። በውስጡ የተጠቀለለ የብረት ሞላ አለ። ኃይሉ ቀስ ተብሎ ካልተለቀቀ በአንድ ቅጽበት ጥርስ ይሰብራል፣ ጣትም ይቆርጣል። ያንን ለሰዓት ሰሪ መተው ይሻላል።

ማሽኑ ወጣ። ወደ ማኅተሙ እንመለስ። በ18ኛው ምዕት ዓመት የፓሪስ ባለሙያ ስሙን የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ በእጅ በመቅረጽ ነበር፤ የፊደሉ ጅራት ሲረዝምና ሲጠመዘዝ፣ ከስሙ ቀጥሎ «ፓሪስ» ሲል ይታያል። ክብ ሆኖ በመዶሻ ተመትቶ የገባ ማኅተም ግን የፋብሪካ ዘመን ልጅ ነው። ይህ ብቻውን የእኛን ሰዓት ማሽን ከሉዊ 15ኛ ዘመን ያወጣዋል።

በማኅተሙ ውስጥ ያለው 1834 ግን ምንድን ነው? በዚያ ዓመት ፓሪስ ውስጥ የኢንዱስትሪ ውጤቶች ዐውደ ርእይ ተደርጎ ነበር፤ ቫንሳንቲ የተባለው ፋብሪካም የብር መዳሊያ አገኘ። መዳሊያ ያገኘ ፋብሪካ ክብሩን በየማሽኑ ላይ ማተም ጀመረ፤ ማተሙንም ለዐሥርተ ዓመታት አላቋረጠም። ስለዚህ 1834 የሚል የቫንሳንቲ ማኅተም ያለው ማሽን በ1840 ወይም በ1880 የተሠራ ሊሆን ይችላል። ከ1834 በፊት የተሠራ ግን ሊሆን አይችልም። ዣፒ በ1855 ያገኘውን ትልቁን የክብር መዳሊያ ያተመበት መንገድም ይኸው ነው።

አንዳንድ ፋብሪካዎች በዚህ ረገድ ለእኛ የበለጠ ደግ ናቸው። ሳሙኤል ማርቲ በመጀመሪያ የነሐስ መዳሊያ ብሎ ያትም ነበር። የኤፍል ግንብ በቆመበት በ1889ኙ የፓሪስ ዐውደ ርእይ የብር መዳሊያ አገኘና ማኅተሙን ቀየረ። በ1900 የወርቅ ሲያገኝ እንደገና ቀየረ። ስለዚህ «የብር መዳሊያ 1889» የሚል የማርቲ ማሽን በእጃችሁ ከገባ፣ በሁለት በኩል የታጠረ ዘመን አላችሁ፦ ከ1889 ወዲህ፣ ከ1900 ገደማ ወዲያ። «ገደማ» ያልኩት ቀድሞ የታተሙ ሳህኖች መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው ቆይተው ሊሸጡ ስለሚችሉ ነው። አንድ ፋብሪካ ማኅተሙን በየመዳሊያው ከቀየረ የሚቀጥለው መዳሊያ ጣሪያ ይሆንልናል፤ ካልቀየረ ግን ያለን ወለል ብቻ ነው። የእኛ ሰዓት ወለል እንጂ ጣሪያ የለውም።

ጣሪያውን ለመፈለግ ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይኖርብናል፤ ለእኔ የዚህ ሥራ እጅግ የሚያስደስተው ክፍልም ይህ ነው። ዓይናችሁን ፔንዱለሙ በተንጠለጠለበት ቦታ ላይ አሳርፉ። በ18ኛው ምዕት ዓመትና በ19ኛው መጀመሪያ የፈረንሳይ ፔንዱለም የሚንጠለጠለው በሐር ክር ነበር። ክሩ በትንሽ ዘንግ ላይ ይጠቀለላል። ዘንጉ ሲዞር ክሩ ያጥራል፣ ፔንዱለሙ ከፍ ይላል፣ ሰዓቱም ይፈጥናል፤ ወደ ኋላ ሲዞር ይዘገያል። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሐር እርጥበት ሲነካው ርዝመቱ ይለወጣል፣ እያደርም ይልላል፤ ስለዚህ ሰዓቱ ከአየሩ ጋር አብሮ ይለዋወጣል።

በ1840ዎቹ አሺል ብሮኮ የተባለው የፓሪስ ሰዓት ሰሪ ለዚህ ችግር መፍትሔ አመጣ። ክሩን ትቶ ሁለት ስስ የብረት ልጥፎችን አንጠለጠለ፤ ልጥፎቹን ግራና ቀኝ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ትንሽ የነሐስ መቆንጠጫ ጨመረ። መቆንጠጫው ሲወርድ የሚወዛወዘው ክፍል ያጥራል፣ ሰዓቱ ይፈጥናል። የዚህ መቆጣጠሪያ ጫፍ በሰዓቱ ፊት፣ ከ12 ቁጥር በላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ብቅ ይላል፤ በትንሽ ቁልፍ ይዞራል። ከጎኑ ኤ እና አር የሚሉ የፈረንሳይ ፊደላት ካያችሁ «ማፍጠን» እና «ማዘግየት» ማለታቸው ነው። ወደ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አገር የተላኩት ብዙ ጊዜ ኤፍ እና ኤስ ይላሉ። የብሮኮ መንጠልጠያ በጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ውስጥ የሐሩን ክር ከአዳዲስ ሰዓቶች አስወጣ።

የእኛ ሰዓት የብሮኮ መንጠልጠያ አለው። ቸኩለን «እንግዲያው ከ1840ዎቹ ወዲህ ነው» ከማለታችን በፊት ግን አንድ ነገር መፈተሽ አለብን፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የቆዩ የሐር ክር ሰዓቶች በኋላ ዘመን ወደ ብሮኮ ተለውጠዋል፤ ባለቤቶቻቸው በክሩ ሲሰለቹ ሰዓት ሰሪው አዲሱን ገጠመላቸው። ለውጡ ግን ምልክት ይተዋል። የድሮው ዘንግ ይገባበት የነበረው ቀዳዳ ባዶውን ይቀራል፣ ወይም በነሐስ ተደፍኖ ዙሪያው ላይ ቀጭን ክብ መስመር ይታያል። የአዲሱ ብሎን ቀዳዳም የሳህኑን የድሮ ጭረቶች አቋርጦ ያልፋል። በእኛ ሳህን ላይ ባዶ ቀዳዳ የለም፤ መንጠልጠያው ከመጀመሪያው የተገጠመ ነው። ስለዚህ ወለሉ ከ1834 ወደ 1840ዎቹ ከፍ አለ።

ቀጥሎ ደወሉን የሚያስመታው ክፍል ይመጣል። በኋላው ሳህን ላይ፣ ከውጭ፣ ጠርዙ ላይ ጎድጓዳ ቦታዎች ያሉት ክብ ጎማ ካያችሁ ይህ ቆጣሪ ጎማ ነው። በጎድጓዳዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከአንድ ምት እስከ አሥራ ሁለት ምት እየሰፋ ይሄዳል። እነዚህ ሰዓቶች በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ጊዜ ስለሚመቱ ጎማው በአሥራ ሁለት ሰዓት አንድ ዙር ሲዞር 90 ጊዜ ይመታል፦ 78 ለሰዓቶቹ፣ 12 ለግማሾቹ። ጉድለቱ ጎማው ጠቋሚዎቹ የት እንዳሉ አለማወቁ ነው፤ የሚያውቀው ቀጥሎ ስንት መምታት እንዳለበት ብቻ ነው። አንድ ሰው ምቱን ሳይጠብቅ ጠቋሚውን ወደ ፊት ከገፋው ፊቱ ላይ አምስት ሆኖ ደወሉ አራት ይመታል። በሌላው ብልሃት ግን ምቱ ከሰዓት ጠቋሚው ጋር በተያያዘ ጥምዝ ነሐስ ይለካል፤ ስለዚህ አይሳሳትም። የዚህ ብልሃት ክፍሎች በፊቱ ሰሌዳ ሥር ስለሚደበቁ የኋላው ሳህን ባዶ ይሆናል።

በፓሪስ ሰዓቶች ላይ ቆጣሪው ጎማ እስከ 1880 ገደማ የተለመደው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሁለተኛው እየበዛ ሄደ። በዚሁ ዘመን ጎድጓዳው የነሐስ ደወልም ቦታውን ቀስ በቀስ ለተጠቀለለ የብረት ሽቦ ለቀቀ፤ የሽቦው ድምፅ ወፍራምና ረጅም ነው፣ የደወሉ ጥርትና ቁርጥ ያለ። የእኛ ሰዓት ቆጣሪ ጎማና ደወል አለው። ይህ ጣሪያውን ወደ 1880ዎቹ ያወርዳል፤ ግን ይህ ጣሪያ ጠንካራ አይደለም። አዲስ ብልሃት ሲመጣ አሮጌው በአንድ ቀን አይሞትም፤ በርካሹ ሥራ ላይ ዓመታት ይቆያል። «ከዚህ በፊት ሊሆን አይችልም» የሚለው ድምዳሜ ጽኑ ነው፤ «ከዚህ በኋላ ሊሆን አይችልም» የሚለው ሁልጊዜ ትንሽ ይወላውላል።

ከዚህ ጋር አንድ የሌለ ነገር ልጠቁም፤ «ፈረንሳይ» የሚል ቃል ሳህኑ ላይ የለም። አሜሪካ በ1890 ባወጣችው የቀረጥ ሕግ ከ1891 ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት ስላስገደደች፣ ያ ቃል የታተመበት ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ዓመት ወዲህ ነው። አለመኖሩ ግን ብዙ አያረጋግጥም። ፈረንሳይ ውስጥ ለመሸጥ የተሠራ ሰዓት እንዲህ ያለ ጽሑፍ አያስፈልገውም ነበር።

በሳህኑ ታችኛው ጠርዝ ላይ ሌሎች ቁጥሮች አሉ፤ ብዙ ሰው ዓመት ወይም የሞዴል ቁጥር ይመስሉታል። በእኛ ሰዓት ላይ 5 እና 4 ተራርቀው ተመትተዋል። ይህ የፔንዱለሙ ልክ ነው፦ 5 ፑስ ከ4 ሊኝ። ፑስ ከሜትር በፊት የነበረ የፈረንሳይ ልክ ነው፤ 27 ሚሊ ሜትር ያህላል፣ በ12 ሊኝም ይከፈላል። ስሌቱ 144 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ፈረንሳይ ከ1840 ጀምሮ ሜትርን በሕግ ብታስገድድም ሰዓት ሰሪዎቹ የአባቶቻቸውን ልክ አልተዉም፤ ስለዚህ ይህ ልክ ማሽኑ ከ1840 በፊት መሠራቱን አያሳይም። ከእሱ አጠገብ ያለው ረጅሙ ቁጥር የማሽኑ ተራ ቁጥር ነው። ያው ተራ ቁጥር ብዙ ጊዜ በፔንዱለሙ ጭነት ላይም ይመታል። ሁለቱ ከተመሳሰሉ ፔንዱለሙ የማሽኑ የራሱ ነው። በፔንዱለሙ ላይ ሌላ ቁጥር ካለ ከሌላ ሰዓት መጥቷል፤ ሰዓቱም ምናልባት በትክክል አይሄድም።

እስካሁን የምናወራው ስለ ማሽኑ ነው። ሣጥኑስ? እውነተኛ የ1750 ሣጥን ማሽኑ ሲያረጅ ወጥቶ በምትኩ የፋብሪካ ማሽን የገባበት አጋጣሚ አለ፤ እንዲያ ከሆነ ነጋዴው ስለ ሣጥኑ ልክ ነው። ምልክቱ በሣጥኑ ቀዳዳ ላይ ይታያል። አዲስ ማሽን የገባበት ሣጥን ክብ ቀዳዳው በሞረድ የሰፋ፣ ወይም በቀለበት የጠበበ ይሆናል። የቀድሞ ብሎኖች ባዶ ቀዳዳም ይቀራል። በእኛ ሰዓት ክፈፉ በቀዳዳው ልክ ተቀምጧል፤ ትርፍ ቀዳዳ የለም፤ የሣጥኑና የማሽኑ ዕድሜ አንድ ነው።

አሁን ያለን ዘመን ከ1840ዎቹ እስከ 1880ዎቹ ነው። ሰዓት ሰሪው ለማጽዳት ሲፈታው ግን ሁለት ተጨማሪ ምስክሮች ይወጣሉ። እነዚህ ሰዓቶች ሁለት ሞላ አላቸው፤ አንዱ ለጉዞው፣ አንዱ ለደወሉ። ከፈረንሳይ ሞላ ሠሪዎች አንዳንዶቹ ስማቸውን ከወርና ከዓመት ጋር በብረቱ ላይ በሹል ነገር ጭረው ይጽፉ ነበር። በእኛ ሰዓት በአንዱ ሞላ ላይ «ሰኔ 1867» ተገኘ እንበል። ቀኑ የሞላው ነው፤ ሞላ ደግሞ ይሰበራል፣ ይለወጣል። ስለዚህ ሁለተኛውን ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛውም የዚያኑ ሰው እጅ ጽሑፍና ያንኑ ወር ከያዘ፣ ሁለቱ አብረው ወደ ማሽኑ ገብተዋል ማለት ነው። ሁለት ሞላ አንድ ላይ ተሰብሮ አንድ ላይ የሚቀየርበት ጊዜ ጥቂት ስለሆነ ከመጀመሪያው የነበሩ መሆናቸው እጅግ የሚያሳምን ነው። ቀኖቹ በብዙ ዓመት ከተራራቁ ግን የቆየውን እንይዛለን፤ አዲሱ የጥገና ታሪክ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ከኢናሜሉ ሰሌዳ ጀርባ ወይም በሳህኖቹ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይገኛል። የድሮ ሰዓት ሰሪዎች ጥገና በጨረሱ ቁጥር በቀጭን ጭረት ስማቸውንና ቀኑን ይተዉ ነበር። ነጋዴዎች እንደ ጉዳት ያዩታል፤ ሲያጸዱ የሚፍቁትም አሉ። ይህ እጅግ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ጽኑ ጣሪያ የሚሰጠን ይህ ጭረት ብቻ ነው። ከጭረቶቹ ሁሉ ቀዳሚው 1879 የሚል ከሆነ ሰዓቱ በ1879 ነበረ፣ ጥገናም አስፈልጎታል። እንዲህ ያለ ሰዓት በጥቂት ዓመታት አንዴ ስለሚጸዳ በዚያ ዓመት አዲስ አልነበረም።

ስለዚህ ለሰዓቱ የሚገባው መግለጫ «ፈረንሳይ፣ በሉዊ 15ኛ ስልት፣ ማሽኑ የቫንሳንቲ፣ 1870 ገደማ» የሚል ነው። «የሉዊ 15ኛ ዘመን» እና «በሉዊ 15ኛ ስልት» በዋጋ እጅግ ይራራቃሉ። ነጋዴውን ስታነጋግሩ መጀመሪያ የኋላው በር እንዲከፈትላችሁ ጠይቁ፤ የመንጠልጠያውን፣ የቆጣሪውን ጎማ፣ የማኅተሙንና የታችኛውን ጠርዝ ፎቶ አንሱ። ሰሌዳውን ለማጠብ ወይም ሳህኑን ለማንጻት ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ በውስጥ ያሉት ጭረቶች ሁሉ ፎቶ እንዲነሡና ሳይነኩ እንዲቀሩ ለሰዓት ሰሪው በግልጽ ንገሩት።